የድመቴን ጥፍር ለመቁረጥ ፈራሁ፣ ከየት ልጀምር?

ድንጉጧ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚሚ የምትባል የ2 ዓመት ገደማ ድመት ከወሰድኩ ገና ቅርብ ጊዜዬ ነው። ከዚህ በፊት ድመት አሳድጌ አላውቅም። ጥፍሯ አድጓል፤ ምንጣፍ ላይ ስትሄድ እየተያዘባት ትቆማለች፣ ጭኔ ላይ ስትወጣ ደግሞ ሱሪዬን አልፎ ቆዳዬ ላይ ይሰካል። መቁረጫ ገዝቻለሁ። ትንሽ መቀስ የሚመስለውን፣ ምላጩ ላይ ግማሽ ክብ ክፍተት ያለውን።

ችግሩ እጇን በያዝኩ ቁጥር ትነጥቀኛለች። እሱስ ይሁን፣ ዋናው የፈራሁት ሥጋዋን እንዳልቆርጥባት ነው። ጥፍሩ ውስጥ ደም አለ ይላሉ። እስከ የት ድረስ ነው የሚቆረጠው? ብትደማብኝስ ምን አደርጋለሁ? እባካችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚነግረኝ ሰው ካለ።

---

ፎጣና_መቁረጫ

እህቴ፣ እንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የድመት ጥፍር መቁረጥ የዘወትር ሥራዬ ነው። መጀመሪያ መቁረጫውን ወደ መሳቢያ መልሺው። ዛሬ አትቆርጪም። ዛሬ የምታደርጊው ጥፍሩን ማየት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ፍርሃትሽ የመጣው የት እንደሚቆረጥ ካለማወቅሽ ነው፣ እሱን ደግሞ አይተሽ ነው የምታውቂው።

ሚሚ በልታ ጠግባ ጋደም ስትል ጠብቂ። አጠገቧ ተቀመጪ፣ ፊቷ ወደ ውጭ ሆኖ ጀርባዋ ወደ አንቺ እንዲሆን። በጀርባዋ አታንጋልያት፣ አብዛኞቹ ድመቶች ሆዳቸው ሲገለጥ ይሸበራሉ። ከዚያ አንዱን የፊት እጇን ያዢ። አውራ ጣትሽ ከላይ፣ ጥፍሩ ከሚበቅልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፤ ሌባ ጣትሽ ደግሞ ከሥር በጣቷ ለስላሳ ሥጋ ላይ። ቀስ ብለሽ ስትጫኚ ጥፍሩ ከተደበቀበት ወደ ፊት ይወጣል። ጠበቅ አድርጎ መጭመቅ አያስፈልግም፤ የበሰለ ቲማቲም ጥንካሬውን ስትፈትኚ የምትጫኚውን ያህል ብቻ።

አሁን መስኮት አጠገብ ወይም ጥሩ መብራት ሥር ሆነሽ ከጎኑ ተመልከቺው። ከፊት አትዪው፣ ከጎን ነው። ጥፍሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጣ ያለ ከሆነ ከሥሩ ተነስቶ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሮዝ ነገር ይታይሻል። ደምና ነርቭ ያለው እሱ ነው። ከሮዙ በኋላ ያለው፣ ወደ ታች የሚታጠፈው መንጠቆ ግን ስሜት የለውም። የምትቆርጪው የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ ነው። ከሮዙ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይቅርልሽ። ለጀማሪ ደግሞ ከዚያም በላይ ብታተርፊ ምንም አይደለም፤ ሹሉ ጫፍ ከሄደ ምንጣፉም አይይዘውም፣ ጭንሽም ይድናል። ማሳጠር ሳይሆን ሹሉን ማንሳት ነው ሥራሽ።

አይተሽ ስትጨርሺ እጇን ልቀቂና የምትወደውን ነገር ስጫት። በቃ፣ የዛሬው ይኸው ነው።

---

ቆራጡ

ይህን ሁሉ ማርዘም ምን አስፈለገ? ድመት እናቷ በማጅራቷ ነው የምትይዛት። ማጅራቷን ጭብጥ አድርገሽ ያዢያት፣ ወዲያው ትረጋጋለች፣ ሌላ ሰው ቶሎ ቶሎ ይቁረጥ። ወይ ደግሞ እንቅልፍ ሲወስዳት ቁረጪ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

---

ፎጣና_መቁረጫ

ወንድሜ፣ የእንቅልፉ ነገር ግማሹ ልክ ነው። ድብን ያለ ድካም ላይ ያለች፣ ዓይኗ የሚከደንባት ድመት በጣም ትመቻለች። ግን ጭልጥ ብሎ እንቅልፍ የወሰዳትን ድመት እጇን ይዘህ ብትቆርጥ ደንግጣ ነው የምትነቃው። ከዚያ በኋላ የምትተኛበት ቦታ ላይ ስትቀርባት መሸሽ ትጀምራለች። ድካሟን ተጠቀም፣ እንቅልፏን ግን ተውላት።

የማጅራቱን ግን አልስማማበትም። እናቷ የምትይዛት ጥቂት ሳምንት ያላት ግልገል ሳለች ነው። ያደገች ድመት በማጅራቷ ስትያዝ ዝም የምትለው ብዙ ጊዜ ተረጋግታ ሳይሆን ማምለጥ እንደማትችል ስላወቀች ነው። ዓይኗን እየው፣ ብሌኗ ሰፍቶ ታገኘዋለህ። ያንተ ድመት ታግሳህ ይሆናል። አዲስ ቤት የገባች፣ ባለቤቷን ገና ያላመነች ድመት ላይ ግን ይህን ማድረግ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ በሚቀጥለው መቁረጫውን ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች።

---

ቆራጡ

የእኔ አልጋ ሥር አትገባም። ግን የብሌኑን ነገር አላስተዋልኩትም፣ አየዋለሁ።

---

ሶፋዬ_አለቀ

እኔም ይኸው ችግር አለብኝ፣ ሶፋዬን ጨረሰችው። ጥፍሯን አንዴ አስነቅሎ መገላገል አይቻልም? ውጭ አገር ያስነቅላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

---

የሦስቱ_እናት

ጠያቂዋ ስለ ሶፋ አይደለም ያነሳችው፣ ግን ስለጠየቅክ ልመልስልህ። ያ ነቀላ አይደለም። የድመት ጥፍር ከአጥንት ነው የሚበቅለው፤ ስለዚህ እንዳይበቅል የሚደረገው የእያንዳንዱን ጣት የመጨረሻ አጥንት ቆርጦ በማውጣት ነው። በሰው እጅ ስታስበው ጣትህን ከመጨረሻው አንጓ ላይ እንደማጣት ማለት ነው። በብዙ አገር ተከልክሏል፣ ኒው ዮርክ ግዛት እንኳ በ2019 ከልክላዋለች። ከዚያ በኋላ አሸዋቸው ላይ መቆም የሚያማቸው፣ ሌላ ቦታ መሽናት የሚጀምሩ፣ መንከስ የሚያበዙ ድመቶች አሉ።

ለሶፋው መፍትሔው ሌላ ነው። ቁመቷን ሙሉ ተዘርግታ የምትቧጥጠው፣ የማይወዛወዝ፣ ገመድ የተጠመጠመበት እንጨት እዚያው ሶፋው አጠገብ አቁምላት። ጥፍር መቁረጥ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ መቧጠጧን አያስቆማትም፣ መቧጠጥ ተፈጥሮዋ ነው። ዝርዝሩን ለብቻው ብትጠይቅ ብዙ የምንልህ አለ።

---

ድንጉጧ

አየሁት! ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ከጎን ሳየው ሮዙ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ከእሱ በኋላ ያለው ነጭ መንጠቆ እኔ ከገመትኩት በላይ ረጅም ነው፣ ስለዚህ የምቆርጥበት ቦታ አለ ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን። አንዱን ጥፍር ሳየው ጎኑ ላይ የተላጠ ነገር አለ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ ይመስላል። ምንጣፉ ላይም ባዶ የጥፍር ቅርፊት አገኘሁ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ። ጥፍሯ ተነቅሎ ይሆን እንዴ?

---

ፎጣና_መቁረጫ

አይዞሽ፣ እሱ ጤና ነው። የድመት ጥፍር ከውጭ በኩል ያረጀው ቅርፊት ይወልቅና ከሥሩ አዲስ ሹል ጥፍር ይወጣል። ስትቧጥጥ የምታወልቀው እሱን ነው። የሚያሳስበው ቅርፊቱ ሳይሆን ከሥሩ ደም ካለ፣ ጣቷ ካበጠ ወይም ያንን እግሯን ከሰበሰበች ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ደረጃ እንሂድ፣ እጇን ወደማስለመዱ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ድመቷም የምትጠላው ለዚህ ነው። ከትከሻዋ ጀምረሽ እየዳሰስሽ ወደ እጇ ውረጂ። ድንገት ጣቷን አትያዢ። እጇን ለአንድ አፍታ ያዢና እሷ ሳትነጥቅሽ በፊት አንቺ ልቀቂ፣ ወዲያው የምትወደውን ስጫት። ቁም ነገሩ «ሳትነጥቅሽ በፊት» የሚለው ላይ ነው። ነጥቃ ካመለጠች በኋላ ስትለቂያት የተማረችው መንጠቅ እንደሚያዋጣ ነው። ቀድመሽ ስትለቂያት ግን እጅ መያዝ ቶሎ የሚያልቅ፣ ከኋላው ምግብ ያለው ነገር ይሆንባታል።

እሱን ስትለምድ ጥፍሩን ጫን አድርገሽ አውጪውና ስጫት። ከዚያ መቁረጫውን አምጪ፣ ታሽተው፣ ስጫት። ቀጥሎ ድምፁን አስለምጃት፦ ያልተቀቀለ ቀጭን ፓስታ በአንድ እጅሽ ከእጇ ጋር አብረሽ ያዢና ፓስታውን በመቁረጫው ቀጭ አድርጊው። ድምፁ ጥፍር ሲቆረጥ ከሚያሰማው ጋር ይቀራረባል። ቀጭ፣ ምግብ። ቀጭ፣ ምግብ። ጆሮዋን ማዞር ስትተው ለጥፍሩ ደርሳለች።

የምትሰጪያት ነገር ሌላ ጊዜ የማታገኘው ይሁን። የሚላስ ለስላሳ የድመት ምግብ በጣም ይመቻል፤ እየላሰች ሳለ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። ማንኪያውን የሚይዝልሽ ሰው ካለ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

---

ቀይዋ_ኮከብ

እኔ የራሴን ላንሳ። የእኔ ድመት 15 ዓመት ሆኗታል። ጥፍሯን ቆርጬላት አላውቅም ነበር፣ ራሷ ትቧጥጣለች ብዬ። በቅርቡ ማነከስ ጀመረች። እርጅና ነው ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ ሲያያት ግን የፊት አውራ ጣቷ ጥፍር ዞሮ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነው የተገኘው። ቁስሉ መግል ይዞ ነበር። ቆርጦ አወጣላት፣ አጠበላት፣ መድኃኒት ሰጣት፣ አሁን ደህና ናት። ከፊት እጇ በውስጥ በኩል ከፍ ብላ ያለችውን ጥፍር ብዙ ሰው ጭራሽ አያያትም። ፀጉር ይሸፍናታል።

---

ፎጣና_መቁረጫ

ይህን በማንሳትሽ አመሰግናለሁ፣ ልጠቅሰው ነበር። ያቺ ጥፍር መሬት አትነካም፣ ስለዚህ አትሟሽሽም። ድመት ስታረጅ ደግሞ መቧጠጥ ትቀንሳለች፣ ያረጀው ቅርፊት ሳይወልቅ ላዩ ላይ ይደራረባል፣ ጥፍሩ ይወፍርና ተመልሶ ጣቷ ውስጥ መደበቁንም ይተዋል። ያረጀች ድመት ወለል ላይ ስትሄድ ጥፍሯ ቀጭ ቀጭ ሲል ከሰማችሁ ዛሬውኑ እዩላት። ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር ግን ቤት አይቆረጥም። ያማል፣ ውስጡም ሊመረቅዝ ይችላል፣ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

ድንጉጧ፣ በጠቅላላው አብዛኛውን ጊዜ 18 ጥፍር ነው፦ የፊት እጆች 5፣ 5፣ የኋላ እግሮች 4፣ 4። ትርፍ ጣት ይዘው የሚወለዱም ስላሉ የሚሚን ራስሽ ቁጠሪ።

---

ድንጉጧ

ቆረጥኩ! ሁለት ጥፍር። ፓስታው ሠርቷል፣ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር፣ በኋላ ግን ድምፁን ስትሰማ ወደ ማንኪያው ነው የምትዞረው። የመጀመሪያውን ጫፉን ብቻ ቀጭ አደረግኩት፣ ምንም አላለችም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ልይዝ ስል ጭራዋ ጫፉ መወዛወዝ ጀመረ፣ ጀርባዋ ላይ ቆዳዋ ርግብ ርግብ አለ። እዚያ ላይ ተውኩት። ልቀጥል ነበር ወይስ ልክ ነኝ?

ሌላው ችግር ደግሞ የግራ እጇ ላይ ሁለቱ ጥፍሮች ጥቁር ናቸው። ከጎን ባየውም በመብራት ባየውም ሮዙ አይታየኝም።

---

ፎጣና_መቁረጫ

በጣም ልክ ነሽ። ጭራዋና ቆዳዋ የነገሩሽ «በቃኝ» ነው። ከዚያ በኋላ ጆሮዋ ወደ ጎን ይተኛል፣ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ጥርሷ ይመጣል። አንቺ መጀመሪያው ላይ ሰማሻት። 18ቱንም በአንድ ቀን ጨርሺ ያለሽ የለም፤ በቀን አንድም ብትቆርጪ ዙሩ ሲያልቅ የመጀመሪያው ገና እንደገና መቆረጥ ላያስፈልገው ይችላል። የድመት ጥፍር በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ቢታይ ይበቃል።

ለጥቁሩ ጥፍር እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ከአጠገቡ ያለውን ነጩን ተመልከቺ፣ ሮዙ እስከ የት እንደሚደርስ ለኪው። በአንድ እጅ ላይ ያሉ ጥፍሮች ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ። ከዚያ የጥቁሩን ቅርጽ ከጎን እዪው። ከሥሩ ወፈር ብሎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ በድንገት ይቀጥናል፣ ወደ ታች የሚታጠፈው ሹል እዚያ ይጀምራል። አንቺ የምትነኪው የዚያን ሹል ጫፍ ብቻ ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል። ደስ ካላለሽ ጥቁሮቹን ተያቸውና በሚቀጥለው ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ባለሙያው አጠገብሽ ሲቆርጥ እዪ። ሁለት ጥፍር ረዘም ብሎ ቢቆይ ችግር የለም፣ ዞሮ ወደ ሥጋዋ እየተጠጋ አለመሆኑን ብቻ እየተከታተልሽ።

ሌላው የምላጩ አያያዝ ነው። የድመት ጥፍር ከጎንና ከጎን ጠፍጣፋ ነው። አንዱ ምላጭ ከላይ፣ አንዱ ከሥር ሆኖ ይቁረጥ። ከግራና ከቀኝ ከጨመቅሽው ጥፍሩ ይጨፈለቃል፣ በቁመቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ምላጩ ከደነዘም እንዲሁ ነው፤ ቀጭ ከማለት ይልቅ ማኘክ ሲጀምር ቀይሪው። ምላጩ ጥፍሩን ይዞ ሳለ እጇን ብትስብ ደግሞ መቁረጫውን ክፈቺና ልቀቂያት፣ አትጎትቺ።

---

ሞረዴ

እኔ መቁረጥ ትቼ በባትሪ የሚሠራውን መሞረጃ ነው የምጠቀመው። ሥጋ የመቁረጥ ፍርሃት የለም። ለምን እሱን አትሞክሪም?

---

የሦስቱ_እናት

ለአንዳንድ ድመት ይሠራል፤ ከእኔ ሦስት አንዷ ብቻ ነች የምትታገሠው። ድምፁና ንዝረቱ ሁለቱን ያባርራቸዋል። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ካቆየሽው ይሞቃል፣ ያ ራሱ ያማል። ለወፈረ ያረጀ ጥፍር ግን ጥሩ ነው።

---

ድንጉጧ

እሺ፣ ለአሁኑ በመቁረጫው እቀጥላለሁ። እስካሁን ያልተመለሰልኝ ደሙ ነው። ቢደማስ?

---

ፎጣና_መቁረጫ

ልክ ነሽ፣ እሱን ዘለልኩት። ከመጀመርሽ በፊት አጠገብሽ አስቀምጪው፣ ከደማ በኋላ ፍለጋ እንዳትሄጂ። የእንስሳት ደም ማቆሚያ ዱቄት ካለ እሱን፣ ከሌለ የበቆሎ ስታርች ወይም ተራ ዱቄት በትንሽ ሳህን። ንጹሕ ጨርቅም ይኑርሽ።

ከደማ መጀመሪያ ቁረጣውን አቁሚ። ዱቄቱን በጣትሽ ጫፍ ወይም በጨርቅ ወስደሽ ጥፍሩ ጫፍ ላይ ጫን አድርገሽ ያዢ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ቆሟል ወይ ብለሽ በየሰከንዱ አታንሺው፣ አትጥረጊው፤ የረጋውን ደም ታነሺዋለሽ፣ እንደገና ይጀምራል። ፎጣ ጠቅልለሽ ብትይዣት ትረጋጋለች፣ ጭንቅላቷንና ያቺን እጇን ብቻ ውጭ ትተሽ። ከቆመ በኋላ ሮጣ እንዳትዘል ለጥቂት ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ አቆያት። 10 ደቂቃ ያህል ሳታነሺ ይዘሽው ካልቆመ ወይም በማግሥቱ ጣቷ ካበጠ ወደ ሐኪም ውሰጃት።

የምለምንሽ አንድ ነገር አለ፣ ሌሎችም ስሙ። አሟታል ብላችሁ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጧት። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ ትንሽ መጠኑም ቢሆን። ክሊኒክ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ ልብ የሚሰብረው እሱ ነው፤ ሰዎቹ ለመርዳት ብለው ነው የሰጡት። በፍርሃት ጨርሶ የማትያዝ ድመት ካለቻችሁም ሐኪሙ ለእሷ ተብሎ የተመጠነ ማረጋጊያ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ጠይቁት።

እሷ ብትቧጭርሽም ቶሎ በሳሙናና በውኃ እጠቢው። ድመት በጥፍሯ የምታስተላልፈው ባክቴሪያ አለ፤ በኋላ ብብትሽ ሥር እብጠት ወይም ትኩሳት ከመጣ ለሐኪምሽ ድመት እንደቧጨረችሽ ንገሪው።

---

ቆራጡ

አንድ ነገር ልበል። ትናንት ማጅራቷን ሳልይዝ ሞከርኩ፣ ምግብ እየሰጠሁ። አራት ጥፍር ቆረጥኩ፣ ከዚያ ሄደች። በፊት ሁሉንም ነበር የምጨርሰው። ግን እውነት ነው፣ በፊት ትንፋሿ ይፈጥን ነበር፣ አሁን አልፈጠነም። አሁንም ግን ጊዜ የሌለው ሰው ምን ያድርግ የሚለው አልተመለሰልኝም።

---

የሦስቱ_እናት

አራት ጥፍር ስንት ደቂቃ ፈጀብህ? ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይሆንም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቁረጥ፣ ጊዜው እሱ ነው።

---

ድንጉጧ

የፊቱን ሁሉንም ጨረስኩ፣ ጥቁሮቹን ሁለቱን ሳይጨምር። አውራ ጣቷን ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጌ አገኘኋት፣ እውነትም ከሁሉም የረዘመችው እሷ ነበረች። አልደማችም። አሁን ምንጣፉ አይይዛትም።

የመጨረሻ ጥያቄዬ የኋላ እግሯ ነው። ስነካው ትረግጠኛለች። ይቆረጣል ወይስ ይተው?

---

ቀይዋ_ኮከብ

እኔ እቆርጣለሁ። በተለይ ስትታከክ ጆሮዋን በኋላ እግሯ ነው የምትቧጭረው፣ ቁስል አድርጋ ታውቃለች።

---

የሦስቱ_እናት

እኔ አልነካውም። የኋላ ጥፍር ከፊቱ ይልቅ ደነዝ ነው፣ እየሄዱም ይሟሽሻል። ከቤት የምትወጣ ድመት ደግሞ ዛፍ ላይ የምትወጣው፣ ውሻ ሲመጣ የምታመልጠው በእሱ ነው። የእኔ አንዷ ትወጣለች፣ የፊቷንም ቢሆን ጫፉን ብቻ ነው የማነሳው።

---

ፎጣና_መቁረጫ

ባለሙያዎችም በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። እኔ ቤት ውስጥ ብቻ ለምትኖር ድመት እዪውና ከረዘመ ቁረጪ እላለሁ፤ ካልረዘመ ተዪው። ሚሚ ትወጣለች ወይስ ቤት ውስጥ ነው የምትውለው? እግሯን የምትስበው ደግሞ ጣቷ ላይ ስትደርሺ ነው ወይስ ገና ጭኗን ስትነኪ? ጭኗን ስትነኪ ከሆነ ጥፍሩን እንርሳውና ዳሌዋ ወይም ጉልበቷ ያማት እንደሆነ እንይ።

---

ድንጉጧ

ቤት ውስጥ ብቻ ናት። የት ላይ እንደምትስብ ልብ ብዬ አላየሁም፣ ዛሬ ማታ ስትጋደም አይቼ እጽፋለሁ።